ከአሜሪካ ጨርቅ ሲያዝዙ፦ የሜትር ሂሳብዎን ወደ ያርድ፣ የመጣውን ያርድ ወደ ሜትር

የአምስት ሚዜዎች ልብስ ትእዛዝ ተቀብለዋል እንበል። ሙሽራዋ የመረጠችው የሳቲን ቀለም መርካቶ ውስጥ አልተገኘም። አሜሪካ ያለ አንድ የጨርቅ መደብር ግን በድረ ገጹ ላይ አለው፤ ሜሪላንድ የምትኖረው የሙሽራዋ እህት ጨርቁን ተቀብላ ለሠርጉ ስትመጣ ይዛው ትመጣለች። እርስዎ የሚለኩት በሜትር ነው፣ መደብሩ የሚሸጠው በያርድ። አንድ ያርድ ከአንድ ሜትር የሚያንሰው በ8 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ልዩነቱን ይንቀዋል። 17 ሜትር በሚፈጅ ሥራ ላይ ግን ይህ ትንሽ ጉድለት ተጠራቅሞ አንዷን ሚዜ ያለ ልብስ ያስቀራል። ያን ጊዜ ገበያ ወጥቶ መሙላት አይቻልም። እንደገና ቢታዘዝ እንኳ አዲሱ ከሌላ ጣቃ፣ ምናልባትም ለብቻው ከቀለመ ጨርቅ ስለሚቆረጥ፣ አምስቱ ፎቶ ለመነሣት ጎን ለጎን ሲቆሙ የአንዷ ይለያል። ስለዚህ ይህ ሂሳብ የሚሠራው አንዴ ነው፣ በትክክል መሠራትም አለበት። ከዚህ በታች ይህንኑ ትእዛዝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየሠራሁ አሳያለሁ።

የሚያስፈልጉት ሁለት ቁጥሮች

አንድ ያርድ 36 ኢንች ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ያርድ 91.44 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 0.9144 ሜትር ይሆናል። ይህ ተጠጋግቶ የተቀመጠ ቁጥር አይደለም፤ ልኩ ይኸው ነው። አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒው ዚላንድና ደቡብ አፍሪካ በ1959 እ.ኤ.አ. ያርድን በዚሁ ልክ ለመወሰን ተስማምተዋል። «የአሜሪካ ያርድና የእንግሊዝ ያርድ ይለያያል» ሲባል ከሰሙ አይጨነቁ፤ ዛሬ አንድ ነው፣ ከስምምነቱ በፊት የነበረውም ልዩነት በጨርቅ ላይ የሚታይ አልነበረም።

ሂሳቡ በሁለት መስመር ያልቃል፦

```
m  = yd × 0.9144
yd = m ÷ 0.9144
```

ስህተት የሚመጣው ከቁጥሩ ሳይሆን ከአቅጣጫው ነው። ማባዛት በሚገባ ጊዜ የሚያካፍል፣ ማካፈል በሚገባ ጊዜ የሚያባዛ ሰው ብዙ ነው። መያዝ ያለብዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያርድ ከሜትር ያጥራል፣ ስለዚህ ለአንድ ዓይነት ጨርቅ የያርዱ ቁጥር ሁልጊዜ ከሜትሩ ቁጥር ይበልጣል። 17 ሜትር ወደ ያርድ ቀይረው ከ17 ያነሰ ቁጥር ካገኙ አቅጣጫው ተገልብጧል፤ ወደ መደብሩ ከመሄድዎ በፊት እንደገና ይሥሩት።

ስልክ በእጅዎ ከሌለ በቃል የሚሠራ መንገድም አለ። ከሜትር ወደ ያርድ ሲሄዱ ከቁጥሩ ላይ አንድ አሥረኛውን ይጨምሩ፤ 17 ሲደመር 1.7፣ 18.7 ያርድ። ትክክለኛው 18.59 ነው። ከያርድ ወደ ሜትር ሲመለሱ ደግሞ አንድ አሥረኛውን ይቀንሱ፤ 20 ሲቀነስ 2፣ 18 ሜትር። ትክክለኛው 18.29 ነው። ይህን መንገድ የምወደው በሁለቱም በኩል ስህተቱ ለሰፊው ስለሚያደላ ነው፤ ሲያዝዙ ጥቂት ያስበልጣል፣ የመጣውን ሲገምቱ ጥቂት ያሳንሳል። ለድርድርና ለግምት በቂ ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ግን በ0.9144 ይሥሩት።

አንደኛ፦ የልብሱን ሂሳብ እስከ መጨረሻው በሜትር ይጨርሱ

ያርድን ገና አያስቡ። በለመዱት ልክ፣ በለመዱት ወርድ ያስሉ። የእኛ ሚዜዎች ልብስ እግር ድረስ የሚወርድ፣ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ጉርድ ያለውና እጅጌ ያለው ነው። በ150 ሴንቲ ሜትር ወርድ ጨርቅ ለአንዷ 3.40 ሜትር ይፈጃል። ለአምስቱ 17 ሜትር ይሆናል።

በዚህ ላይ መጠባበቂያ ይጨምሩ። መደብር ቤት ጨርቅ ሲቆርጥ መቀሱ እምብዛም ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ሁለቱን ጫፍ ክር ስበው ሲያስተካክሉ ከእያንዳንዱ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። መሐል ላይ ክር የተመዘዘበት ወይም ነጠብጣብ ያለበት ቦታ ሊያጋጥም ስለሚችል 30 ሴንቲ ሜትር ይያዙለት። በድምሩ ግማሽ ሜትር ነው፣ አጠቃላዩም 17.50 ሜትር።

ሳቲኑ ፖሊስተር ከሆነ በውሃ መሸብሸቡና ማጠሩ ብዙ አያሳስብም። ጥጥ፣ ተልባ ወይም ሬዮን ቢሆን ግን ከመቁረጥዎ በፊት ስለሚያጥቡት የሚያጥረውንም ማስላት አለብዎት። እዚህ ላይ ሰዎች 5 በመቶ ያጥራል ሲባሉ 5 በመቶ ይጨምራሉ፤ ይህ ትንሽ ይጎድላል። ትክክለኛው የሚፈልጉትን ርዝመት ለ0.95 ማካፈል ነው። 17.50 ለ0.95 ሲካፈል 18.42 ሜትር ይሰጣል። እኛ ፖሊስተር ስለሆነ የያዝነው 17.50ን ይዘን እንቀጥላለን።

ሁለተኛ፦ ከርዝመቱ በፊት ወርዱን ይቀይሩ

ብዙ ትእዛዝ የሚበላሸው በያርድ ሳይሆን እዚህ ነው። የአሜሪካ መደብር ርዝመቱን በያርድ፣ ወርዱን በኢንች ይጽፋል። የ3.40 ሜትር ግምታችን የሚሠራው ወርዱ 150 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ብቻ ስለሆነ ወርዱ ሳይታወቅ ርዝመቱን መቀየር ትርጉም የለውም። ኢንቹን በ2.54 ያባዙ፦ 45 ኢንች 114 ሴንቲ ሜትር፣ 54 ኢንች 137፣ 58 ኢንች 147፣ 60 ኢንች 152 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ሳቲን ላይ ብዙ ጊዜ የሚያዩት ጽሑፍ `58/60"` የሚል ነው። ትርጉሙ ወርዱ በ58 እና በ60 ኢንች መካከል ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው «60 ኢንች፣ ያው 150 ነው» ብሎ ያልፋል። እርስዎ ሁልጊዜ በትንሹ ያስሉ፤ 58 ኢንች 147.3 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ላይ በሁለቱም ዳር ፋብሪካው የጨረሰበት ጠንካራ ጠርዝ አለ፤ መርፌ የበሳው ወይም የተጨማደደ ስለሚሆን ልብስ ላይ አይገባም። በአንድ ወገን አንድ ሴንቲ ሜትር ቢቀንሱ እንኳ በእጅዎ የሚቀረው 145 ገደማ ነው።

ይህ ለምን እንደሚያሳስብ በሚዜዎቹ ጉርድ ላይ ይታያል። የፊቱና የኋላው ጉርድ እያንዳንዳቸው ታች ላይ ከነስፌት ትርፋቸው 74 ሴንቲ ሜትር ስፋት አላቸው። ጎን ለጎን ሲተኙ 148 ይሆናሉ። መርካቶ በሚገዙት ሙሉ 150 ጨርቅ ላይ ይገባሉ፣ በ145 ላይ ግን አይገቡም። ያን ጊዜ አንዱ ጉርድ ከሌላው በታች መውረድ ስላለበት ለእያንዳንዷ ሚዜ አንድ ተጨማሪ የጉርድ ቁመት፣ ከአንድ ሜትር በላይ፣ ይፈጃል። በ3 ሴንቲ ሜትር ወርድ ምክንያት ከአምስት ሜትር በላይ ጨርቅ ይጎድላል፤ ያርዱን ምንም ያህል በትክክል ቢቀይሩ ይህን አያድነውም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ጉርዱን ታች ላይ በእያንዳንዱ 2 ሴንቲ ሜትር ማጥበብ ነው፤ 72 እና 72፣ ድምሩ 144 ስለሚሆን ይገባል፤ በዙሪያው በጠቅላላ የሚቀንሰው 4 ሴንቲ ሜትር ደግሞ እንዲህ ሰፊ በሆነ ጉርድ ላይ አያስታውቅም። ሁለተኛው አንዱን ጉርድ ገልብጦ ማስተኛት ነው፤ የአንዱ ጠባብ ወገብ በሌላው ሰፊ ታች ጎን ይውላል። ለተራ ጥጥ ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። ለሳቲን ግን አልመክርም። ሳቲን ብርሃንን የሚመልሰው እንደ አተኛኘቱ ስለሆነ የተገለበጠው ጉርድ ቀለሙ የተለየ መስሎ ይታያል፤ ከፋይም እንደዚሁ ነው። እኛ የመጀመሪያውን እንመርጣለንና የ3.40 ግምታችን ሳይነካ ይቆያል።

ወርዱ በጣም የሚለይ ከሆነ፣ ለምሳሌ በ150 ያሰሉትን በ45 ኢንች ጨርቅ ለመሥራት ካሰቡ፣ በቁጥር ብቻ አይመኑ። 3.40ን በ150 አባዝቶ ለ114 ማካፈል 4.47 ሜትር ይሰጣል፤ ይህ ግን የጨርቁን ስፋት እንደ ውሃ የሚፈስ አድርጎ የሚያይ ግምት ነው። ልብስ የሚወጣው ከቅድ ነው። ጠረጴዛው ወይም ወለሉ ላይ በኖራ 112 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያስምሩና የወረቀት ንድፍዎን በሙሉ የክሩን አቅጣጫ ጠብቀው ይደርድሩበት። የመጨረሻው ወረቀት ያለቀበት ቦታ ድረስ ይለኩ። እውነተኛው ሜትርዎ እሱ ነው።

ሦስተኛ፦ አንድ ጊዜ ይቀይሩ፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ያጠጋጉ

አሁን 17.50 ሜትርን ለ0.9144 ያካፍሉ። 19.14 ያርድ ይመጣል። መደብሩ በሙሉ ያርድ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ 20 ያርድ ያዝዛሉ፤ ግማሽ ያርድ የሚቆርጥ ከሆነ 19 ተኩል ይበቃል። ወደ ታች፣ ወደ 19፣ ፈጽሞ አይጠጋጋም። በእኛ ትእዛዝ መደብሩ ሙሉ ያርድ ነው የሚሸጠው እንበል፤ 20 ያርድ 18.29 ሜትር ነው።

ለአንድ ልብስ ቀይሮ በአምስት ማባዛት ለምን እንደማይሆን ይመልከቱ። 3.40 ሜትር 3.718 ያርድ ነው። «3.7» ብለው ጽፈው በአምስት ቢያባዙ 18.5 ያርድ ያገኛሉ፤ ያ 16.92 ሜትር ነው፤ ያለ ምንም መጠባበቂያ እንኳ 8 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል። እያንዳንዱን ወደ ላይ አጠጋግተው ቢያባዙ ደግሞ ብዙ ልብስ ባለበት ትእዛዝ ላይ ደንበኛዎ ያለጥቅም ትከፍላለች። ሁሉንም በሜትር ደምሮ መጨረሻ ላይ አንዴ መቀየር ሁለቱንም ያስቀራል።

አቅጣጫው ቢገለበጥስ? 17 በ0.9144 ሲባዛ 15.54 ይመጣል። «16 ያርድ» ብለው ቢያዝዙ የሚደርስዎ 14.63 ሜትር ነው፤ አራት ልብስ ወጥቶ 1.03 ሜትር ይተርፋል። ሳይቀይሩ 17 ያርድ ቢያዝዙም 15.54 ሜትር ይመጣል፣ ያው አራት ልብስ ብቻ ይወጣል።

ደንበኛዎ የአሜሪካ ንድፍ ይዛ ከመጣች ሌላ ጉዳይ አለ። በንድፉ ፖስታ ላይ የሚፈጀው ጨርቅ በክፍልፋይ ይጻፋል፣ ለምሳሌ 2 3/4 ወይም 3 5/8 ያርድ። ይህን 2.34 ወይም 3.58 ብለው ወደ ስልክ ካስገቡ ስህተት ነው። 2 3/4 ማለት 2.75 ነው፤ ወደ ሜትር ሲቀየር 2.51 ይሆናል። 2.34 ብለው ቢያሰሉ 2.14 ስለሚያገኙ 37 ሴንቲ ሜትር ያጣሉ። የስምንተኛ ክፍልፋይ ሲያጋጥም የአንድ ያርድ አንድ ስምንተኛ 11.43 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ይያዙ፤ 5/8 አምስት ጊዜ ይህ፣ ማለትም 57 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ 3 5/8 ያርድ 3.31 ሜትር ገደማ ይወጣል።

አራተኛ፦ ትእዛዙን ሲጽፉ

ድረ ገጹ ላይ `Quantity` የሚለው ሳጥን ውስጥ የሚጽፉት 1 ምን እንደሆነ ይመልከቱ። በአንዳንድ መደብሮች 1 ማለት አንድ ያርድ ነው፤ በሌሎች ግማሽ ያርድ፣ አልፎ አልፎም ሩብ ያርድ ነው። በግማሽ ያርድ በሚቆጥር መደብር 20 ያርድ ለማግኘት 40 መጻፍ አለብዎት። ማረጋገጫው ዋጋው ነው። የአንዱ ያርድ ዋጋ 6 ዶላር ከሆነ ከማጓጓዣው በፊት ያለው ድምር 120 ዶላር መሆን አለበት። 60 ካሳየ ያዘዙት 10 ያርድ ነው።

ዋጋን ሲያነጻጽሩ ደግሞ አቅጣጫው እንደገና ይገለበጣል። ሜትር ከያርድ ስለሚረዝም የሜትሩ ዋጋ ከያርዱ ዋጋ ይበልጣል፤ ዋጋው የሚካፈለው ለ0.9144 ነው። 6 ዶላር የያርድ ዋጋ በሜትር 6.56 ዶላር ነው። በ0.9144 አባዝተው 5.49 ብለው ለደንበኛ ዋጋ ከነገሩ፣ ገና ጨርቁ ሳይመጣ በእያንዳንዱ ሜትር ላይ ከአንድ ዶላር በላይ ከኪስዎ ይወጣል።

ከቁጥሩ ጋር አንድ ጥያቄ መላክ አለበት፤ ጨርቁ ሳይቆራረጥ በአንድ ወጥ ይቆረጥ ይሆን? ጣቃው ላይ 20 ያርድ ካልቀረ አንዳንድ መደብር ሁለት ቁራጭ አድርጎ ይልካል። በድምሩ ያርዱ ልክ ነው፤ ለልብስ ግን ልክ ላይሆን ይችላል። 10 እና 10 ያርድ ሆኖ ቢመጣ እያንዳንዱ 9.14 ሜትር ነው፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ልብስ ወጥቶ 2.34 ሜትር ይተርፋል። አራት ልብስ ሞላ፤ አምስተኛው ከሁለት ትራፊ መውጣት አለበት፣ ጉርዱ ከአንዱ፣ ደረቱና እጅጌው ከሌላው። ይህ የሚሆነው ሁለቱ ቁራጮች በቀለም ፍጹም አንድ ከሆኑ ብቻ ነው። ለመደብሩ በማስታወሻ ቦታው ላይ ይህን መጻፍ ይበቃል፦

```
20 yards, one continuous piece.
If not available from the same dye lot, please do not cut.
```

የመጀመሪያው መስመር 20 ያርድ በአንድ ወጥ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ከአንድ የማቅለም ዙር ካልተገኘ እንዳይቆርጡ ይነግራል። ብዙ መደብር አንዴ የቆረጠውን ጨርቅ ስለማይመልስ ይህ ከመቆረጡ በፊት መድረስ አለበት።

ጨርቁን ተሸክማ የምትመጣው እህት ስንት ኪሎ እንደሚሆን መጠየቋ አይቀርም። የአሜሪካ መደብር ክብደትን በአውንስ በካሬ ያርድ ይጽፋል፤ ያንን በ33.9 ካባዙት ግራም በካሬ ሜትር ይሆናል። ሳቲናችን 3.5 አውንስ ከሆነ 119 ግራም ገደማ ነው። 18.29 ሜትር በ1.5 ሜትር ወርድ በ119 ግራም ሲባዛ 3.3 ኪሎ አካባቢ ይሰጣል። ሻንጣዋ ውስጥ ቦታ እንድትይዝለት ይህን ቁጥር አስቀድመው ይንገሯት።

ጨርቁ ከሌላ አገር ወይም በተቆረጠ ልክ ሲመጣ

በያርድ የሚሸጠው አሜሪካ ብቻ አይደለም። በዱባይና በሌሎች የባሕረ ሰላጤ ገበያዎች ሻጩ «ዋር» ካለ ያርድ ማለቱ ነው። ዱባይ ላለች ዘመድ በስልክ «17 ግዢልኝ» ብለው ከተናገሩ እሷ 17 ትላለች፣ ሻጩም 17 ዋር ይቆርጣል፤ ማንም ሳይሳሳት አንድ ሜትር ተኩል ይጠፋል። ቁጥርን ያለ መለኪያው አይናገሩ። የቻይና ጅምላ ሻጮችም አገር ውስጥ በሜትር ቢሠሩም ለውጭ ገዢ በያርድ ዋጋ የሚሰጡ አሉ፤ የዋጋ ዝርዝሩ ላይ `yd` ወይም `m` የሚለውን ሳያዩ አያነጻጽሩ።

የዳንቴል ጨርቅና የአፍሪካ ባለ ሰም ህትመት ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደፈለጉት አይቆረጡም፤ ዳንቴሉ በ5 ያርድ፣ ባለ ሰሙ በ6 ያርድ ታጥፎ ይሸጣል። 5 ያርድ 4.57 ሜትር፣ 6 ያርድ 5.49 ሜትር ነው። የሙሽራዋ እናትና አክስት ከአንድ ዳንቴል ልብስ እንዲሰፋላቸው ቢጠይቁና ለእያንዳንዳቸው 2.40 ሜትር ቢያስፈልግ፣ 4.80 ነው፤ «አምስቱ ይበቃል» ብሎ የተቀበለ ሰው 23 ሴንቲ ሜትር ይጎድለዋል። እንዲህ ባለ ጨርቅ ያለው ምርጫ ወይ ሁለት እሽግ ማዘዝ፣ ወይ ከመቀበልዎ በፊት የአንደኛውን እጅጌ ማሳጠር ነው። ዳንቴል ጠርዙ ጥልፍ ያለበት ከሆነ ጠርዙ ቀሚሱ ታች ላይ እንዲውል ስለሚፈለግ የአቆራረጡ አቅጣጫም ይለወጣል፤ ስለዚህ እሱን በንድፍ ደርድረው ሳያዩ ቁጥር አይስጡ።

አምስተኛ፦ ጨርቁ ሲደርስ፣ መቀስ ከመንካትዎ በፊት

መጀመሪያ ሜትርዎን ይፈትሹ። በአንድ ወገኑ ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው ኢንች ያለው የልብስ ሰፊ ሜትር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፣ ሁለቱ ወገኖች ልክ ከሆኑ። ጠረጴዛው ላይ በሴንቲ ሜትሩ ወገን 91.4 ለክተው ያስምሩና ሜትሩን ገልብጠው በኢንቹ ይለኩት፤ 36 ላይ መውደቅ አለበት። ርካሽ ሜትሮች ላይ 150 ሴንቲ ሜትር ከ60 ኢንች ጋር እኩል ሆኖ የታተመ ያጋጥማል፤ እውነተኛው 60 ኢንች 152.4 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከሁለቱ አንዱ ወገን ውሸት ነው። የቆየ ሜትርም ይለጠጣል። የግንበኛ የብረት ሜትር ተውሰው ካነጻጸሩ አይሳሳቱም።

ቀጥሎ በብረት ሜትሩ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሜትር ያስምሩና ጨርቁን በዚያ እያሳለፉ ይቁጠሩ። በዳሩ በኩል ይለኩ፣ አይወጥሩት። ሳቲን ተወጥሮ ሲለካ ትንሽ ይሰጣል፤ የሚለጠጥ ጨርቅ ከሆነ ደግሞ ከጥቅሉ ፈትተው አንድ ሌሊት ዘርግተው ቢያሳድሩት ነው ትክክለኛውን የሚያገኙት።

የሚጠብቁት 18.29 ሜትር ነው። ብዙ ቆራጭ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያተርፋል፤ 18.35 ካገኙ ጥሩ ነው። 20 ሜትር ካገኙ በሜትር ቆርጠውልዎታል፤ የተከፈለውን ይመልከቱ። 18 ሜትር ብቻ ከሆነ 29 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ያርድ ሲሦ ያህል ጎድሏል፤ ለእኛ ሥራ ባይጎዳም ለመደብሩ መንገር ይገባል። የሚነግሩት ጫፉን ሳያስተካክሉ፣ ምንም ሳይቆርጡ፣ ሜትሩ ጨርቁ ላይ ተዘርግቶ ፎቶ አንስተው ነው። ወርዱንም በሦስት ቦታ ይለኩ፤ መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ። 145 ከጠርዝ ውጭ ካለ የ72 ሴንቲ ሜትር ጉርዶች ጎን ለጎን ይገባሉ።

ከዚያ ጨርቁን በመስኮት ብርሃን አሳልፈው እንከን ይፈልጉ፣ ያገኙበትንም ዳሩ ላይ በክር ምልክት ያድርጉ። በሁለቱም ጫፍ ክር ስበው ቀጥ ያድርጉና እንደገና ይለኩ። በእኛ ትእዛዝ 18.35 የነበረው 18.17 ሆነ እንበል። ከ17 በላይ 1.17 ሜትር አለ። መጀመሪያ የሚቆርጡት የአምስቱንም ጉርድ ይሁን፤ ትልቁና ወርዱን ሙሉ የሚወስደው እሱ ነው። ደረቱና እጅጌው ትንንሽ ስለሆኑ እንከን ባለበት ቦታ ዙሪያ ሊዞሩ ይችላሉ፣ ጉርድ ግን መሐሉ ላይ ነጠብጣብ ካገኘው የሚተካው ሙሉ ቁመት ጨርቅ ይፈልጋል። በትእዛዝ ደብተሩ ላይ «20 ያርድ ታዘዘ፣ 18.35 ሜትር ደረሰ፣ ወርድ 147፣ ለአንድ 3.40» ብለው ይጻፉ፤ ከሠርጉ በኋላ አንዷ ሚዜ ልብሷን ስታሰፋ ወይም ሌላ ደንበኛ ያንኑ ሞዴል ስትጠይቅ ሂሳቡ ተሠርቶ ይጠብቅዎታል።